የመደርደሪያ ፎቶ ቆጥሬ ጉድለት አገኘሁ፤ ለአቅራቢዬ ምን ብዬ ልጻፍ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የጽዳት ዕቃ ሱቅ አለኝ። ከአንድ አቅራቢ 30 ካርቶን የግማሽ ሊትር ፈሳሽ ሳሙና ተረከብኩ። ደረሰኙ በካርቶን 12፣ በድምሩ 360 ጠርሙስ ይላል። ዕቃው ሲገባ ሱቅ ውስጥ 26 ጠርሙስ ነበረኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሠራተኛዬ ጠዋት የመደርደሪያውን ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ማታ ቁጭ ብዬ ከፎቶው ላይ ቆጠርኩ። መደርደሪያው ላይ 78፣ መጋዘን ያልተከፈተ 6 ካርቶን ማለትም 72፣ ጠቅላላ 150 ሆነ። የሽያጭ ማሽኑ 171 ሸጣችኋል ይላል። ስለዚህ 215 መኖር ነበረበት፤ 65 የለም። ለአቅራቢዬ ‹65 ጠርሙስ አጉድለህብኛል› ብዬ ፎቶዎቹን ላክሁለት። ‹ፎቶ ቆጠራ አይደለም፤ ደግሞም 30 ካርቶን ብለህ ፈርመህ ተረክበሃል› አለኝ። ብዙ ዘመን አብረን ሠርተናል፤ መጣላት አልፈልግም። መብቴንም መተው አልፈልግም። ሪፖርቱን እንዴት አድርጌ ልጻፍለት?»

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ተጨማሪ ፎቶዎቹን፣ የዕቃ ማስረከቢያ ሰነዱንና ከማሽኑ የወጣውን የሽያጭ ዝርዝር በጠየቅሁዎት መሠረት ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። አንድ በአንድ አየኋቸው። ጉድለት አለ። ግን 65 አይደለም። ከአቅራቢዎ ሊጠይቁ የሚገባዎት 20 ጠርሙስ ነው።

ቁጥሩ ስላነሰ ቅር አይበልዎት። ለ65 ማስረጃ የለዎትም። ለ20ው ግን አቅራቢው ሊክደው የማይችለው ማስረጃ መጋዘንዎ ውስጥ ተቀምጧል። እዚያ ከመድረሳችን በፊት 65 ከየት እንደመጣ እንይ፤ ምክንያቱም አቅራቢው መጀመሪያ የሚፈትሸው እሱን ነው።

ከፎቶው እንጀምር። መደርደሪያው ሦስት እርከን አለው። ከፊት የሚታዩት ጠርሙሶች ላይኛው ላይ 9፣ መካከለኛው ላይ 9፣ ታችኛው ላይ 8 ናቸው፤ ድምሩ 26። እርስዎ ወደ ኋላ ሦስት ሦስት ይሆናሉ ብለው በ3 አባዙትና 78 አገኙ። ሠራተኛዎ በኋላ ሲለካው ግን መደርደሪያው ወደ ኋላ 5 ጠርሙስ ይይዛል። ስለዚህ ያ ፎቶ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መደርደሪያው ላይ ከ26 ያላነሰ፣ ከ130 ያልበለጠ ጠርሙስ አለ። 78 የሁለቱ መሐል ነው። ግምት እንጂ ቆጠራ አይደለም። አቅራቢዎ «ፎቶ ቆጠራ አይደለም» ሲል በዚህ በኩል እውነቱን ነው።

ጥሩ ሠራተኛ ያለበት ሱቅ ደግሞ ፎቶውን ይበልጥ አሳሳች ያደርገዋል። አንድ ጠርሙስ በተሸጠ ቁጥር የኋላው ወደ ፊት ይሳባል። ፊቱ ሁልጊዜ ሙሉ ነው፤ ባዶነቱ የሚደበቀው ከኋላ ነው። የእርስዎን ፎቶ አጉልቼ ሳየው መካከለኛው እርከን ላይ፣ ከግራ በአራተኛውና በአምስተኛው ጠርሙስ መካከል የመደርደሪያው የኋላ ሰሌዳ ይታያል። ከእነሱ ኋላ ያለው ረድፍ ሳስቷል ማለት ነው። ላይኛው እርከን ላይ ግን በየክፍተቱ የሚታየው ሌላ የጠርሙስ ክዳን ነው። አንዱ እርከን ሁለት ሁለት፣ ሌላው አምስት አምስት ሊሆን ይችላል። ሁሉንም በ3 ማባዛት የማያስኬደው ለዚህ ነው።

ስለዚህ በእጅ እንዲቆጠር ጠየቅሁዎት፤ ከፎቶው ሦስት ቀን በኋላ፣ ሱቁ ከመከፈቱ በፊት አስቆጠሩ። መደርደሪያው ላይ 80 ተገኘ። ይህ ግን የዚያን ቀን ቁጥር ነው። ወደ ፎቶው ጠዋት ለመመለስ በመካከል የተሸጠውን መልሶ መደመር ያስፈልጋል። በመካከሉ 19 በነጠላ፣ 4 ደግሞ በሁለት ጥንድ ታስሮ ተሸጧል፤ 23 ጠርሙስ ማለት ነው። በእነዚያ ቀናት ከመጋዘን ወደ መደርደሪያ የወጣ ካርቶን የለም። ስለዚህ ፎቶው በተነሳበት ጠዋት መደርደሪያው ላይ የነበረው 103 ነው። ከ78 ጋር የ25 ልዩነት አለው። ይህን ያህሉ ጉድለት ከመጀመሪያውም አልነበረም።

ሠራተኛዎ ሲቆጥር ባልዲ ውስጥ ለብቻ የተቀመጡ 3 የሚያንጠባጥቡ ጠርሙሶችም አግኝቷል። እነሱም ዕቃ ናቸውና ይቆጠራሉ። ግን ከጉድለት ጋር አያደባልቋቸው። የፈሰሰ ዕቃ ደርሷል፤ ተበላሽቶ ነው የደረሰው ወይም እርስዎ ጋ ተበላሽቷል። የራሱ ማስረጃና የራሱ ጥያቄ ያለው ጉዳይ ነው። ከጉድለቱ ጋር አንድ ላይ ከተጻፈ አቅራቢው በደካማው በኩል ገብቶ ሁለቱንም ይጥልብዎታል።

አሁን ወደ ሽያጩ። እዚህ ሁለት ነገር አለ፤ አንዱ ለእርስዎ ያደላል፣ ሌላው በእርስዎ ላይ ነው።

ፎቶው የተነሳው ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት ነው። የሽያጭ ዝርዝሩ የወጣው ደግሞ ያን ዕለት ማታ ነው። በዚያ ቀን የተሸጡ 8 ጠርሙሶች በፎቶው ላይ ቆመው ይታያሉ፤ በወረቀቱ ላይ ደግሞ ተሸጠዋል ተብለዋል። ሁለት ቦታ ተቆጠሩ። ቆጠራና ሽያጭ አንድ ሰዓት ላይ መቆም አለባቸው። እስከ ፎቶው ሰዓት ድረስ የተሸጠው 171 ሳይሆን 163 ነው። ይህ ብቻውን ቢወሰድ ጉድለትዎን በ8 ከፍ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ጥንዱ ነው። በላኩልኝ ዝርዝር ላይ ከነጠላው ሳሙና ትንሽ ወረድ ብሎ ሌላ ኮድ አለ፤ ሁለቱን አንድ ላይ አስራችሁ የምትሸጡት። ማሽኑ ጥንዱን እንደ አንድ ዕቃ ይመዘግበዋል። ከመደርደሪያው የሚወጣው ግን ሁለት ጠርሙስ ነው። እርስዎ የደመሩት የነጠላውን ኮድ ብቻ ነው። እስከዚያ ጠዋት 11 ጥንድ ተሸጧል። 22 ጠርሙስ በሕጋዊ መንገድ ደንበኛ ይዞት ሄዷል። ለ«ጠፋ» ዕቃ ከማየው ምክንያት ሁሉ ይህ በጣም የተለመደው ነው፤ ዕቃው ሳይጠፋ በሌላ ስም ይሸጣል።

ሒሳቡን እንደገና እንሥራው። 26 ነበረ፣ 360 ገባ የተባለ። ከእሱ 163ና 22 ሲቀነስ 201 ይቀራል። በእጅ ያለው ደግሞ መደርደሪያ ላይ 103፣ ባልዲ ውስጥ 3፣ መጋዘን 72፤ ድምሩ 178። ልዩነቱ 23። ከ65 ወደ 23 ወረደ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይቻል ነበር። ግን የመጋዘኑን ፎቶ ሳይ ዓይኔ አንድ ነገር ላይ አረፈ። ከስድስቱ ካርቶኖች ሁለቱ ከሌሎቹ ጠበብ ብለው ረዘም ይላሉ። ቀለማቸው አንድ ነው፣ ሥዕሉም አንድ ነው። እንዲያዞሯቸውና የጎን ጽሑፋቸውን እንዲያነሱልኝ ጠየቅሁ። አራቱ ላይ «12 × 500 ሚሊ» ይላል። ሁለቱ ላይ «10 × 500 ሚሊ» ይላል።

የእርስዎ ጉዳይ ያለው እዚህ ነው። አንዱ ካርቶን ሦስት በአራት፣ ሌላው ሁለት በአምስት የሚደረደር ነው። ሁለቱ ተደራርበው ሲቀመጡ ከሩቅ ልዩነታቸው አይታይም። ካርቶን ብቻ የሚቆጥር ሰው ሁለቱንም «አንድ» ይላል።

ቀጥዬ የጠየቅሁዎት የተከፈቱት 24 ካርቶኖች የት እንዳሉ ነበር። ደግነቱ አልጣሏቸውም፤ ጠፍጥፈው ከመጋዘኑ ጀርባ አስቀምጠዋቸዋል። መሬት ላይ ተነጥፈው ሲታዩ 16ቱ ባለ 12፣ 8ቱ ባለ 10 ሆነው ተገኙ። ከታሸጉት ጋር ሲደመር ከ30ው ካርቶን 20ው ባለ 12፣ 10ሩ ባለ 10 ናቸው። 240 እና 100፤ 340 ጠርሙስ። ደረሰኙ 360 ይላል። ጉድለቱ 20 ነው።

ይህ ሒሳብ መደርደሪያውን አይነካም። ሽያጩንም አይነካም። ሠራተኛዎ ስንት ሸጠ፣ ማን ወሰደ፣ ፎቶው መቼ ተነሳ የሚል ጥያቄ አይገባበትም። አቅራቢው ልኬዋለሁ ባለው ካርቶን ላይ በፋብሪካው የታተመ ቁጥር ነው። «30 ካርቶን ፈርመህ ተረክበሃል» የሚለውም አያስጨንቅዎትም። አዎ፣ 30 ካርቶን ተረክበዋል። የማስረከቢያ ሰነዱን አየሁት፤ ፊርማዎ ካርቶን እንጂ ጠርሙስ አይልም። ክርክሩ ካርቶኑ ውስጥ ስላለው ነው።

የታሸጉትም 72 አይደሉም ማለት ነው፤ 68 ናቸው። ስለዚህ በእጅዎ ያለው 174 ነው፤ ከ201 ሲቀነስ ልዩነቱ 27 ይሆናል። ከ27ው 20ው የካርቶኑ ነው። 7 ይቀራል።

ይህ 7 የአቅራቢው አይደለም። ሱቅ ለማጠብ የተጠቀማችሁበት ሊሆን ይችላል። ሳይመዘገብ የተሸጠ ሊሆን ይችላል። ወይም መነሻው 26 ሲቆጠር ስህተት ነበረበት። ሰው ወስዶትም ይሆናል። የትኛው እንደሆነ ከዚህ ወረቀት አይታወቅም። ለራስዎ ይያዙት እንጂ ከ20ው ጋር አደባልቀው 27 ብለው አይጠይቁ። 20ውን የሚያምንልዎት ሰው 7ቱን ማስረዳት ሲያቅትዎት 20ውንም ይጠራጠራል።

አሁን ማስረጃውን እናጠንክር። ከሁለቱ ባለ 10 የታሸጉ ካርቶኖች አንዱን ብቻ ይክፈቱ። ሲከፍቱ ሳይቋረጥ በቪዲዮ ይቅረጹ። መጀመሪያ ካርቶኑን በስድስቱም ጎን ያዙሩት፤ ፕላስተሩ እንዳልተነካ ይታይ። ቀጥሎ የጎን ጽሑፉና የባች ቁጥሩ ቀርቦ ይነበብ። ከዚያ ይቁረጡና ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እያወጡ ጠረጴዛ ላይ ይደርድሩ። ባዶው ካርቶን ውስጡ ይታይ። ቪዲዮው እዚያ ላይ ያልቃል።

ሁለተኛውን አይክፈቱት። አቅራቢው ሰው ልኮ ማየት ቢፈልግ በእሱ ፊት የሚከፈት አንድ ካርቶን መኖር አለበት። እስከዚያ ሚዛን ላይ ያውጡት፤ ከባለ 12ቱ አንዱንም እንደዚሁ። ሁለት የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ከነፕላስቲኩ ከ1 ኪሎ በላይ ነው፤ ልዩነቱ በማንኛውም የሱቅ ሚዛን ላይ በግልጽ ይታያል። የሁለቱም ንባብ ፎቶ ይነሳ።

የተጠፈጠፉትን 8 ካርቶኖች ደግሞ ጽሑፋቸው ወደ ላይ ሆኖ ጎን ለጎን ዘርግተው በአንድ ፎቶ ያንሷቸው። ከዚያ የእያንዳንዱን የባች ቁጥር ቀረብ ብለው ያንሱ። ይህ የሚያስፈልገው አቅራቢው አንድ ጥሩ ጥያቄ ስለሚያነሳ ነው፤ «እነዚህ ካርቶኖች ከእኔ ስለመምጣታቸው፣ ያውም ከዚህኛው ጭነት ስለመሆናቸው ምን ማረጋገጫ አለ?» ይላል። መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ባች ቁጥሩን ከራሱ የወጪ መዝገብ ጋር ማመሳከር ይችላል። ሁለተኛ፣ ዕቃው ሲገባ የነበሩዎት 26 ጠርሙሶች በሙሉ መደርደሪያ ላይ የነበሩ ናቸው፤ ከዚያ በፊት የተረፈ ካርቶን አልነበረም። ደግሞ ቁጥሩ ራሱ ይመሰክራል። 24 የተጠፈጠፈና 6 የታሸገ፣ 30 ይሞላል። አንድም አይተርፍ፣ አንድም አይጎድል።

ባዶ ካርቶኖቹን ጥለዋቸው ቢሆን ኖሮ መጠየቅ የሚችሉት ስለ ሁለቱ የታሸጉት፣ ማለትም ስለ 4 ጠርሙስ ብቻ ነበር። የቀረውን አቅራቢው በራሱ መዝገብ እንዲያጣራ ከመለመን ውጪ መንገድ አልነበረም። ስለዚህ ጉዳዩ እስኪዘጋ ድረስ ማንም እንዳይወስዳቸው ለሠራተኛዎ ይንገሩት።

ስለ አነጋገሩም አንድ ነገር ልበል። «አጉድለህብኛል» የሚለው ቃል ሰውየውን ሌባ አድርጎታል። የተፈጠረው ግን ምናልባት እንዲህ ነው። ፋብሪካው የካርቶኑን ልክ ይቀይራል። የአቅራቢው ኮምፒውተር ላይ ግን ያ ዕቃ ዛሬም በካርቶን 12 ተብሎ ተመዝግቧል። መጋዘን ያለው ሰው 30 ካርቶን ይጭናል፤ አሮጌውም አዲሱም ተቀላቅሎ። ደረሰኙ 30ን በ12 ያባዛል። ማንም ሆን ብሎ አላደረገው ይሆናል። እንደዚህ ከሆነ ደግሞ ይኸው ስህተት ለሌሎች ደንበኞቹም እየደረሰ ነውና ሪፖርትዎ ለእሱም ይጠቅመዋል። በዚህ መንፈስ ይጻፉለት።

ሪፖርቱ ከአንድ ገጽ አይበልጥ። የመጀመሪያው መሥመር ጥያቄውን ይናገር። እያንዳንዱ ቁጥር ከየት እንደመጣ አብሮት ይጻፍ። የተቆጠረውን «ተቆጠረ»፣ የተሰላውን «ተሰላ» ይበሉ። የመደርደሪያው ፎቶ እዚህ ውስጥ ያለው ቦታ ትንሽ ነው፤ ቆጠራው ተመልሶ የተሰላበትን ጠዋት ለማሳየት ያህል ብቻ። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

> ጉዳዩ፦ በማስረከቢያ ሰነድ ቁጥር (…) በመጣው ፈሳሽ ሳሙና ላይ የተገኘ የ20 ጠርሙስ ጉድለት
>
> ከዚህ በፊት 65 ጠርሙስ ጎደለ ብዬ የጻፍኩት ከመደርደሪያ ፎቶ በግምት የተሠራ ነበር። ያንን ቁጥር በዚህ ሪፖርት ተክቼዋለሁ።
>
> በ(…) ቀን 30 ካርቶን የግማሽ ሊትር ፈሳሽ ሳሙና ተረክቤያለሁ። በካርቶኑ ብዛት ላይ ጥያቄ የለኝም። ደረሰኙ ሁሉንም በካርቶን 12 አድርጎ 360 ጠርሙስ አስልቷል። ካርቶኖቹን ስናይ ግን 20ው «12 × 500 ሚሊ»፣ 10ሩ «10 × 500 ሚሊ» የሚል ጽሑፍ አላቸው። ስለዚህ የደረሰን 340 ጠርሙስ ነው።
>
> ባለ 10 ከሆኑት ካርቶኖች 8ቱ ተከፍተው ዕቃው ወጥቷል፤ ባዶ ካርቶኖቹ በእጃችን አሉ። 2ቱ እስከ ቆጠራው ቀን ታሽገው ነበር። አንዱን በቪዲዮ እየቀረጽን ከፍተን 10 ጠርሙስ ቆጥረናል። ሌላው ሳይከፈት ተቀምጧል፤ ተወካያችሁ ባለበት እንከፍተዋለን።
>
> ለማመሳከር ያህል የሱቁን ጠቅላላ ዕቃ ቆጥረናል። ሱቁ ከመከፈቱ በፊት በእጅ የተቆጠረው በመካከል የተሸጠው ተደምሮበት ወደ (…) ቀን ጠዋት ተመልሶ ተሰልቷል። በደረሰኙ መሠረት 201 ጠርሙስ መኖር ሲገባው የተገኘው 174 ነው፤ ልዩነቱ 27። ከዚህ ውስጥ 20ው ከላይ በተገለጸው የካርቶን ልዩነት የመጣ ነው። የቀረው 7 የሱቃችን የውስጥ ጉዳይ ስለሆነ በዚህ ጥያቄ ውስጥ አልተካተተም።
>
> ስለዚህ 20 ጠርሙስ እንዲተካልን ወይም ከደረሰኙ እንዲቀነስልን እንጠይቃለን። የባለ 10 ካርቶኖቹን የባች ቁጥር አያይዘናል፤ ከመጋዘን ወጪያችሁ ጋር እንድታመሳክሩት እንለምናለን።
>
> አባሪ፦ የማስረከቢያ ሰነዱና የደረሰኙ ቅጂ፣ የ10ሩ ካርቶኖች ፎቶ፣ የሚዛን ፎቶ፣ ካርቶኑ ሲከፈት የተቀረጸ ቪዲዮ፣ የቆጠራ ወረቀቱ በቆጣሪዎቹ ፊርማ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ማውጣት ሊያምርዎት ይችላል። አያውጧቸው። አቅራቢው እጅ ላይ የቀድሞው መልእክትዎ አለ፤ ሁለት የተለያየ ቁጥር ካየ የሚይዘው የሚመቸውን ነው። የቀድሞውን ራስዎ ሲሰርዙት የአዲሱ ክብደት ይጨምራል።

የ7ቱን መሥመር በተመለከተም «ለምን እነግረዋለሁ?» ማለትዎ አይቀርም። የቆጠራ ወረቀቱን አባሪ ካደረጉት ልዩነቱ 27 መሆኑን ራሱ ደምሮ ያገኘዋል። ከእርስዎ ቢሰማው ይሻላል። የሦስቱን የሚያንጠባጥቡ ጠርሙሶች ነገር ግን እዚህ አያንሱት። እነሱን በሌላ መልእክት፣ ከነፎቷቸውና ከነባች ቁጥራቸው ይጻፉለት።

ስለ አላላክ። የመጀመሪያዎቹን ፎቶዎች በስልክ መልእክት መተግበሪያ እንደ ተራ ፎቶ ነው የላኩለት። እንደዚያ ሲላክ ምስሉ ይጨመቃል፤ የካርቶን ጽሑፍ ሲያጎሉት ይደበዝዛል። ፎቶው መቼ እንደተነሳ የሚናገረው መረጃም ብዙውን ጊዜ አብሮ አይሄድም። በዚያው መተግበሪያ ላይ እንደ ፋይል መላክ የሚል ምርጫ አለ፤ በእሱ ይላኩ፣ ወይም በኢሜይል። ዋናዎቹን ከሠራተኛዎ ስልክ ላይ አያጥፉ። ፎቶዎቹን መቁረጥ ወይም ቀይ ክብ መሣል ከፈለጉ፣ የተነካውን ከዋናው ጋር አብረው ይላኩ እንጂ ብቻውን አይላኩት።

ጊዜው ላይም ይፍጠኑ። ብዙ አቅራቢዎች ከታሸገ ካርቶን ውስጥ የሚገኝ ጉድለት በተወሰኑ ቀናት ውስጥ እንዲነገራቸው ይፈልጋሉ፤ አንዳንዴ ደረሰኙ ጀርባ ላይ፣ አንዳንዴ ውሉ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ያንብቡት። ቀኑ አልፎ ቢሆንም ይጻፉ። የመጀመሪያው መልእክትዎ በቁጥሩ ቢሳሳትም ጉድለት መኖሩን በወቅቱ አሳውቋል፤ ያንን ቀን በሪፖርቱ ላይ መጥቀስ ይችላሉ።

ሪፖርቱን ሲያዩት አብዛኞቹ አቅራቢዎች በስልክ ደውለው «እሺ፣ በሚቀጥለው ጭነት እንጨምርልሃለን» ይላሉ። በደስታ ይቀበሉ፤ ግን በቃል አይተዉት። በሚቀጥለው ጭነት 20 ጠርሙስ ተጨምሮ ቢመጣና የማስረከቢያ ሰነዱ ላይ ምክንያቱ ካልተጻፈ፣ ያ ዕቃ በእርስዎ መዝገብ ላይ ትርፍ፣ በእሱ መዝገብ ላይ ደግሞ ጉድለት ሆኖ ይታያል። ከሁለት ወር በኋላ እሱ ራሱ ሊጠይቅዎት ይችላል። ስለዚህ አጭር መልእክት ይላኩለት፦ «በስልክ እንደተነጋገርነው በሰነድ ቁጥር (…) ለጎደለው 20 ጠርሙስ ምትክ በሚቀጥለው ጭነት ይላካል።» ወይም የተቀነሰበትን ደረሰኝ ይጠይቁ፤ እኔ ይህን እመርጣለሁ፤ ሒሳቡ በዚያው ይዘጋል።

እሱ ጋር ያለው መዝገብ እስኪስተካከል ድረስ የሚቀጥለውም ጭነት ተቀላቅሎ ሊመጣ ይችላል። ሹፌሩ ሳይሄድ ካርቶኖቹን በጎን ጽሑፋቸው ለይተው ይደርድሩ፤ ባለ 12ቱን በአንድ፣ ባለ 10ሩን በሌላ በኩል። የሁለቱን ብዛት የማስረከቢያ ሰነዱ ላይ ከፊርማዎ በላይ ይጻፉና ሹፌሩም ይፈርምበት። 30 ካርቶን በዚህ ዓይነት ለመለየት ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው።